«በገዛ ፈቃዴ» የሚለው ላይ ከመፈረምሽ በፊት

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሥራ 6 ዓመት ሰርቻለሁ። ሰኞ ለት ኤችአሯ ጠርታኝ የሥራ መደብሽ ሊታጠፍ ነው አለችኝና ተጽፎ ያለቀ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ‹በግል ጉዳይ ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ› ይላል። ከፈረምኩ የ2 ወር ደሞዝ በስጦታ መልክ ይሰጡኛል፣ ካልፈረምኩ ‹ተሰናበተች› ተብሎ ፋይሌ ላይ ይጻፋል። ካልሆነ በስምምነት መለያየትም ይቻላል ብላኛለች ግን አልገባኝም። ውሌ ላይ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለ፣ የሠራተኛ መመሪያው ደግሞ መደቡ ለታጠፈበት ሰው ለሠራበት ለያንዳንዱ ዓመት የግማሽ ወር ደሞዝ ይከፈላል ይላል። ያልወሰድኩት 18 ቀን ፈቃድም አለኝ። ሐሙስ መልስ ይፈልጋሉ። ሦስቱም ያው መውጣት ነው፣ ቃሉ ምን ለውጥ ያመጣል? ስሜን እንዳያወጡብኝ አደራ።»

እህቴ፣ ወረቀቱን አትፈርሚ። ሐሙስ ድረስ ጊዜ አለሽ፣ ሐሙስም ቢሆን ያ ቀን የነሱ ቀጠሮ ነው እንጂ መብትሽ የሚያልቅበት ቀን አይደለም። እኔ ብዙ ዓመት ኤችአር ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደዚህ አይነት ደብዳቤ ስተይብ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ወረቀቱ ሲዘጋጅ ምን እንደሚታሰብ አውቀዋለሁና ቃል በቃል እንየው።

አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፣ ሦስቱን ወረቀት የሚለየው ግሱን የሚያደርገው ማነው የሚለው ነው። «ለቅቄያለሁ» ስትዪ አድራጊዋ አንቺ ነሽ። «ተስማምተናል» ሲባል ሁለታችሁ ናችሁ። «አሰናብተናል» ወይም «ውሉን አቋርጠናል» ሲባል አድራጊው ድርጅቱ ነው። ሰው የሥራ ውል ሲያልቅ የሚያየው በሩን ነው፣ ሕግ ግን የሚያየው በሩን ማን ከፈተው የሚለውን ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት (አይኤልኦ) እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ስለ ሥራ ማቋረጥ የሚናገር 158ኛው ስምምነት አለ፣ እሱ 3ኛው አንቀጽ ላይ ገና ከመጀመሩ «ማቋረጥ» ስንል በአሠሪው አነሳሽነት የተደረገውን ነው ብሎ ይወስናል። ከዛ በኋላ የሚመጣው ጥበቃ ሁሉ፣ አሠሪው በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል የሚለው፣ በጥፋት ከሆነ ሠራተኛው መልስ የመስጠት ዕድል ይሰጠው የሚለው፣ ማስጠንቀቂያ፣ የስንብት ክፍያ፣ ገለልተኛ አካል ጋ ሄዶ አቤት ማለት፣ ይሄ ሁሉ የሚሠራው ከዛ ትርጉም ውስጥ ላለ ሰው ነው። ስምምነቱን ያላጸደቀ አገር ብዙ አለ፣ የየአገሩ ሕግም በዝርዝሩ ይለያያል፣ ግን አወቃቀሩ አብዛኛው ቦታ ተመሳሳይ ነው። «በገዛ ፈቃዴ» የሚሉት ሁለት ቃላት አንቺን ከዛ ትርጉም ያወጡሻል። ለዛ ነው ደብዳቤውን አንቺ ሳትሆኚ እነሱ የጻፉት።

አሁን ያቺን አንዲት አረፍተ ነገር እንበትናት፣ አጭር ናት ግን አራት ነገር ተሸክማለች።

«በግል ጉዳይ ምክንያት» ይላል። የግል ጉዳይ የለሽም፣ መደብሽ ነው የታጠፈው። ይሄ ሐረግ የሚሠራው ሥራ እውነተኛውን ምክንያት ከወረቀቱ ላይ ማጥፋት ነው። ነገ ተነስተሽ «መደቡ ስለታጠፈ ነው እኮ» ብትዪ የራስሽ ፊርማ ይመልስልሻል። አብራኝ የሠራች አንዲት ልጅ ልክ እንደዚህ ፈርማ ነበር፣ የክፍሉ መዘጋት በውስጥ ማስታወሻ የተነገረው እሷ በፈረመች በማግስቱ ነው፣ ከዛ መብቷን ስትጠይቅ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተቀመጡና የሷ «በግል ጉዳይ» ነው የሚለው። ማስታወሻው ስሟን አይጠራም፣ ደብዳቤው ላይ ግን ፊርማዋ አለ። እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ ያን ደብዳቤ ፕሪንት አድርጌ የሰጠኋት እኔ ነኝና።

«ከዛሬ ጀምሮ» ይላል። ይቺን ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፋታል፣ ለኔ ግን ከሁሉም አደገኛዋ እሷ ናት። ማስጠንቀቂያ ሁለት አፍ አለው፣ ድርጅቱ ሲያሰናብት ድርጅቱ ይሰጣል፣ ሠራተኛ ሲለቅ ሠራተኛው ይሰጣል። ውልሽ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ካለው፣ አንቺም «ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ» ብለሽ ከፈረምሽ፣ በወረቀት ደረጃ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጪ የወጣሽው አንቺ ሆንሽ ማለት ነው። ማለትም እነሱ ሊከፍሉሽ የሚገባው 2 ወር ተገልብጦ አንቺ ላይ ሊጠየቅ የሚችል ሆነ። ይጠይቁሻል እያልኩ አይደለም፣ ግን ካኮረፉ መጠየቅ የሚችሉበት ወረቀት ለምን ትሰጫቸዋለሽ።

«በገዛ ፈቃዴ» የሚለውን ተነጋግረናል። የመጨረሻው «ለቅቄያለሁ» ነው፣ ያለቀ ነገር ነው። ሥራ መልቀቅ የአንድ ወገን ነገር ስለሆነ አብዛኛው ቦታ እነሱ መቀበል አይጠበቅባቸውም፣ ደብዳቤው እጃቸው ከገባ አበቃ፣ ማታ ቤትሽ ገብተሽ ሐሳቤን ቀየርኩ ብትዪ መመለስ የሚቻለው እነሱ ፈቃደኛ ከሆኑ ነው። ተገድጄ ነው የፈረምኩት ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ብዙ አገር ተገዶ የተጻፈ መልቀቂያ እንደ ስንብት ይቆጠራል፣ ግን መገደድሽን የማሳየቱ ሸክም አንቺ ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው። ካልፈረምሽ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ምክንያቱን ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ይሆናሉ።

ደግሞ ደብዳቤው ላይ የሌለውን ነገር እዪው እስቲ። የ2 ወር ደሞዙ የታለ? የለም። በቃል ነው የተነገረሽ። ቢሰጡሽ እንኳን ያ «ስጦታ» ያሉት በውልሽ መሠረት የማስጠንቀቂያ ጊዜሽ ደሞዝ ልክ ነው፣ 2 ወር እና 2 ወር። የራስሽን ገንዘብ ነው በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው የሚያቀርቡልሽ።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው፣ አንቺ ሂሳብ ሠራተኛ ነሽ ቶሎ ይገባሻል። መደቡ ታጥፎ እነሱ ካሰናበቱሽ የማስጠንቀቂያ 2 ወር፣ የ6 ዓመት አገልግሎት በግማሽ ወር ሲባዛ 3 ወር፣ ድምሩ 5 ወር ደሞዝ። የ18 ቀኑ ፈቃድ ከዚህ ውጪ ነው፣ እሱ አብዛኛው ቦታ በየትኛውም መንገድ ብትወጪ የሚከፈል ስለሆነ እንደ ድርድር እቃ እንዳያቀርቡልሽ ተጠንቀቂ፣ «ፈቃድሽንም እንከፍልሻለን» ሲሉ ውለታ አይደለም። በገዛ ፈቃድሽ ከለቀቅሽ ደግሞ ፈቃዱ ብቻ እና የቃል ተስፋ። ስለዚህ ቃሉ ምን ለውጥ ያመጣል ላልሽው፣ ባንቺ ጉዳይ ላይ ቢያንስ የ3 ወር ደሞዝ ልዩነት ያመጣል፣ ተስፋው ካልተፈጸመ ደግሞ የ5 ወር። አንዳንድ አገር ለሥራ አጥ የሚከፈል መድን አለ፣ እዛ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል፣ ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በራሱ የለቀቀ ወይም የመለያያ ስምምነት የፈረመ ሰው የሥራ አጥ ክፍያው ብዙ ጊዜ ለ12 ሳምንት ይታገድበታል።

አሁን ወደ ማስፈራሪያው ልምጣ፣ «ተሰናበተች ተብሎ ይጻፋል» ወዳለችሽ። እዚህ ጋ አማርኛችን ራሱ ያደናግራል። ሰው «ተሰናበተ» ሲባል ሰረቀ ወይ ተጣላ ብሎ ያስባል፣ «ተባረረ» ከሚለው ጋር አንድ አድርጎ ይሰማዋል። ግን ስንብት ውስጥ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ አንዱ ሠራተኛው ባጠፋው ወይም ሥራው ስላቃተው የሚደረግ ነው፣ ሌላው ድርጅቱ በራሱ ምክንያት፣ መደብ ሲያጥፍ ክፍል ሲዘጋ፣ የሚያደርገው ነው። ያ የነገርኩሽ ስምምነት 4ኛው አንቀጽም በቂ ምክንያት የሚላቸውን የሠራተኛው ችሎታ፣ የሠራተኛው ጠባይ እና የድርጅቱ የሥራ ፍላጎት ብሎ ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። ኤችአሯ በአፏ የነገረችሽ የመጨረሻውን ነው፣ ያስፈራራችሽ ግን የመጀመሪያዎቹን ስም ይዛ ነው። በጥፋት ሊያሰናብቱሽ ከፈለጉ ጥፋት ያስፈልጋቸዋል፣ አብዛኛው ቦታ ያንን ጥፋት ነግረውሽ መልስሽን መስማት አለባቸው፣ ሰኞ «መደብሽ ታጠፈ» ብለው ሐሙስ «አጥፍታ ነው» ቢሉ ደግሞ ራሳቸው ናቸው የሚጋለጡት። በመደብ መታጠፍ ከሆነ ግን ደብዳቤው ላይ እንደዛው ይጻፋል፣ እሱ ደግሞ ማንም ቀጣሪ አይቶት ፊቱን የሚያዞርበት ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከሚያሰናብቱሽ ደብዳቤ የምትፈልጊው አጻጻፍ ይሄን ይመስላል።

«የያዙት የሥራ መደብ በድርጅቱ የአደረጃጀት ለውጥ ምክንያት የታጠፈ ስለሆነ፣ የሥራ ውልዎ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ የሚቋረጥ መሆኑን እናሳውቃለን።»

አየሽው? አድራጊው ድርጅቱ ነው፣ ምክንያቱ የድርጅቱ ነው፣ ማስጠንቀቂያው የድርጅቱ ነው። አንቺ ላይ አንድም መጥፎ ቃል የለም። ይሄን ደብዳቤ ሲሰጡሽ ፈርሚ ካሉሽ «ደርሶኛል» ብለሽ ቀን ጽፈሽ ፈርሚ፣ «ተስማምቻለሁ» ብለሽ አይደለም። መድረሱን መፈረም እና መስማማት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

በስምምነት መለያየት ያሉሽ ደግሞ መጥፎ ነገር አይደለም፣ እንደውም ያንቺ ጉዳይ ላይ በደንብ ከተጻፈ ጥሩ መውጫ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ክርክር የለውም፣ ሁለቱም ወገን በክብር ይወጣል። ችግሩ ብዙ ጊዜ «ስምምነት» ተብሎ የሚመጣው ወረቀት የመልቀቂያ ደብዳቤው ታጥቦ የቀረበ መሆኑ ነው። እንዴት ታውቂያለሽ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ካለው ስምምነት አይደለም። «ጥያቄዬን ድርጅቱ ስለተቀበለልኝ» የሚል ነገር ካለበትም ስምምነት አይደለም፣ ያ ማለት አንቺ ለምነሽ እነሱ ፈቀዱልሽ ማለት ነው፣ አነሳሹ ተመልሶ አንቺ ሆንሽ። ትክክለኛው እንዲህ ይጀምራል።

«የሥራ መደቡ በመታጠፉ ምክንያት በድርጅቱ አነሳሽነት፣ ሁለቱም ወገኖች የሥራ ውላቸውን በስምምነት ለማቋረጥ ተስማምተዋል።»

«በድርጅቱ አነሳሽነት» የምትለዋን አትልቀቂያት፣ ቀሪው ሁሉ ይስተካከላል፣ እሷ ከወጣች ግን ነገ የሚጠይቅሽ ሁሉ ለምን ፈለግሽ ነው የሚልሽ። ከዛ በኋላ የሚያስፈልገው ውሉ የሚያበቃበት ቀን፣ ገንዘቡ በቁጥርም በፊደልም ለምን ለምን እንደሆነ ተለይቶ (ማስጠንቀቂያው ለብቻ፣ የአገልግሎቱ ለብቻ፣ ፈቃዱ ለብቻ)፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የሥራ ልምድ ወረቀትሽ ምን ብሎ እንደሚጻፍ፣ መጨረሻ ላይ የሁለታችሁ ፊርማ። ድርድሩን ከ5 ወር ጀምሪ፣ መመሪያቸው ራሱ የሚሰጥሽ ነው እና ስምምነት ያንቺን መብት ዝቅ አድርጎ ለመፈረም ምክንያት የለውም፣ ከዛ በታች ከወረድሽ በምላሹ ሌላ የምታገኚው ነገር መኖር አለበት።

ስምምነት ላይ ሁሌ የምትመጣ አንድ አረፍተ ነገር አለች፣ «ከዚህ በኋላ ከድርጅቱ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የምትል። እሷ ራሷ ስህተት አይደለችም፣ ድርጅቱ ገንዘብ የሚከፍለው እሷን ለማግኘት ነው፣ ግን ሁለት ነገር ይስተካከል። አንደኛ የሁለት ወገን ትሁን፣ «ሁለቱም ወገኖች አንዱ ከሌላው ምንም ጥያቄ የለውም» ትበል። ሁለተኛ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ሲከፈል ነው የምትጸናው ተብሎ ይጻፍ። አለበለዚያ ጥያቄሽን ዛሬ ጥለሽ ገንዘቡን ለወደፊት ትጠብቂያለሽ። እና ይቺው አረፍተ ነገር የክሊራንስ ፎርም ታች ላይ በትንሽ ፊደል ተደብቃ ትመጣለች፣ ላፕቶፕ አስረክቤያለሁ ቁልፍ አስረክቤያለሁ ብለሽ እየፈረምሽ ስትወርጂ እዛ ትደርሻለሽ። ከፎርሙ ላይ ሰርዘሽ «ንብረት ማስረከቤን ብቻ የሚመለከት» ብለሽ ጻፊና ፈርሚ።

ፈርመሽ ከወጣሽ በኋላ ስለሚሆነውም አስቢ፣ ከስምምነት መመለስ ከባድ ነው። አንዳንድ አገር ሕጉ ራሱ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፣ ፈረንሳይ ውስጥ ለምሳሌ እንዲህ ያለ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ሁለቱም ወገን በ15 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። ብዙ ቦታ ግን ይሄ የለም፣ የማሰቢያ ጊዜሽን የምታገኚው ከመፈረምሽ በፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ተቀብለሽ ቤትሽ ይዘሽ ሂጂ፣ አላስወጣም ካሉሽ ያ ራሱ መልስ ነው።

ሌላ እግረ መንገዴን ላንሳው የምፈልገው «መልቀቂያ» የሚለው ቃል ነው። እኛ ጋ መልቀቂያ አስገባች ስንል ሥራ ለቀቀች ማለታችን ነው፣ መልቀቂያ ተሰጣት ስንል ደግሞ ድርጅቱ ከሱ ጋር መጨረሷን የሚገልጽ ወረቀት ሰጣት ማለታችን ነው። ኤችአሯ «መልቀቂያ እንድንሰጥሽ መልቀቂያ ጻፊ» ብትልሽ አትደናገሪ፣ ሁለተኛውን ለማግኘት የመጀመሪያውን መጻፍ አያስፈልግም። የሥራ ልምድ ማስረጃም እንደዛው ነው። የአይኤልኦ 166ኛው የውሳኔ ሐሳብ፣ እሱም የ1982 ነው፣ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሚሰጠው ማስረጃ የተቀጠረበትን ቀን፣ ያቆመበትን ቀንና የሠራውን የሥራ ዓይነት ብቻ ይይዛል ይላል፣ ስለ ጠባይና ችሎታ የሚጻፈው ሠራተኛው ከፈለገ ነው። አንቺም ይሄንኑ ጠይቂ፣ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሂሳብ ሠራተኛነት አገልግላለች» በቂ ነው። ቀጣዩ ቀጣሪ ለምን ወጣሽ ካለሽ «መደቡ ታጠፈ» ትያለሽ፣ እውነት ነው፣ ከወረቀትሽም ጋር ይገጥማል። አሁን «በግል ጉዳይ» ብለሽ ከፈረምሽ ግን ወይ መዋሸት አለብሽ ወይ ከወረቀትሽ ጋር መጋጨት አለብሽ።

መልቀቅ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። የተሻለ ሥራ አግኝተሽ የምትሄጂ ቢሆን «በገዛ ፈቃዴ» ብለሽ ማስጠንቀቂያሽን ሰጥተሽ በኩራት ትፈርሚ ነበር፣ ትክክለኛው ቃልም እሱ ነው። ያንቺ ግን አይደለም።

ዛሬውኑ የምታደርጊው አንድ ነገር አለ። ለኤችአሯ ኢሜይል ጻፊላት፣ ለቅርብ አለቃሽ ኮፒ አድርጊ፣ ስድብም ማስፈራራትም አያስፈልገውም።

«ሰኞ ዕለት ባደረግነው ውይይት የሥራ መደቤ እንደሚታጠፍ የተነገረኝ ሲሆን የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤም እንድፈርም ተጠይቄያለሁ። እኔ ሥራዬን የመልቀቅ ፍላጎትም ጥያቄም የለኝም። ድርጅቱ የሥራ ውሌን ለማቋረጥ ከወሰነ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ በስምምነት ለመለያየት ከታሰበም ረቂቁ እንዲላክልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከዚያው በመደበኛ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ።»

የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ወሳኝ ናት፣ ስለዚህ በትክክል ሥራ ገበታሽ ላይ ተገኚ። ተናድደሽ ወይ አፍረሽ ከቀረሽ ያኔ ነው «ከሥራ ቀረች» የሚል ጥፋት በገዛ እጅሽ የምትሰጫቸው። በር ላይ ከመለሱሽ የመለሱሽን ሰዓት ጽፈሽ ወዲያው በኢሜይል አሳውቂ። ኢሜይሉን፣ የሰኞውን ረቂቅ ደብዳቤ ፎቶ፣ ውልሽንና የመመሪያውን ያቺን ገጽ ወደ ግል ስልክሽ አስቀምጪ፣ የድርጅቱ አካውንት በአንድ ቀን ሊዘጋብሽ ይችላልና። የድርጅቱን የሂሳብ ፋይል ግን አትንኪ፣ የራስሽን ጉዳይ ብቻ።

ሐሙስ ስትገቢ ብቻሽን አትግቢ ከተፈቀደልሽ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ተወካይ ይዘሽ ግቢ። ረቂቅ ከሰጡሽ ሳትፈርሚ ይዘሽው ውጪና በአገርሽ የሥራ ሕግ የሚሠራ ጠበቃ አሳዪው፣ አቤቱታ የማቅረቢያ ጊዜውንም ጠይቂው፣ አጭር ሊሆን ስለሚችል። ረቂቁ ሲደርስሽ ስምና ቁጥሩን አጥፍተሽ ብትልኪልኝ እኔም አብሬሽ አየዋለሁ።